ሦስቱን የካርቲሌጅ ዓይነቶች በማትሪክሳቸው መለየት

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ሀዋሳ የሁለተኛ ዓመት የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የሦስቱን ካርቲሌጆች ስምና ቦታ በቃሌ ይዤዋለሁ። ማይክሮስኮፕ ላይ ስቀመጥ ግን ሃያላይኑና ኢላስቲኩ አንድ ይሆኑብኛል፣ ፋይብሮው ደግሞ ጅማት ይመስለኛል። በምን ልለያቸው? ጉልበት ውስጥስ ሁለት ዓይነት ካርቲሌጅ ጎን ለጎን የኖረው ለምንድን ነው? ግራ የተጋባች ተማሪ።»

ምላሽ፦

ለጊዜው ስላይዱን ተዪውና ከማትሪክሱ ጀምሪ። ቦታዎቹን ብቻ የሸመደደ ተማሪ አንዷ ስትጠፋበት ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ማትሪክሱ ምን እንደሚሠራ የገባው ግን ቦታውን ራሱ አስቦ ይደርስበታል።

በአዋቂ ሰው የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ ውስጥ ሴሎቹ፣ ማለትም ኮንድሮሳይቶቹ፣ ከጠቅላላው ይዘት 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ደም ሥር የለም፣ ነርቭ የለም፣ የሊምፍ ቧንቧም የለም። የቀረው ሁሉ ሴሎቹ አምርተው ዙሪያቸውን የሞሉበት ማትሪክስ ነው። ጡንቻን ስናጠና ስለ ሴሉ እናወራለን፤ ካርቲሌጅ ላይ ግን ጠንካራ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ጫና ይችላል የምንለው ሁሉ የማትሪክሱ ባሕርይ ነው።

ማትሪክሱ ሁለት ነገር ነው፦ ውሃ የያዘ ጄልና ጄሉን የሚይዙ ክሮች። የጄሉ ዋና ሞለኪውል አግሪካን ይባላል። መካከሉ ላይ አንድ ረጅም የፕሮቲን ክር አለ፤ ከእሱም ላይ ወደ መቶ የሚደርሱ የኮንድሮይቲን ሰልፌት ሰንሰለቶችና ከእነሱ ያነሱ የኬራታን ሰልፌት ሰንሰለቶች ይበቅላሉ። ብዙ አግሪካኖች ደግሞ በአንድ ረጅም የሃያሉሮኒክ አሲድ ክር ላይ ተደርድረው ግዙፍ ክምችት ይሠራሉ። ሰልፌቶቹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ሶዲየምን ይስባሉ፣ ሶዲየሙ በበዛበት ደግሞ ውሃው ይከተላል። የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጄሉ ብቻውን ቢተው ውሃ እየሳበ ያብጥና ቅርፁን ያጣ ነበር። የማያሳብጠው የክሮቹ መረብ ነው። ጥጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላበትን ፍራሽ አስቢ፤ ጥጡ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ጨርቁ ተወጥሮ ይመልሰዋል፣ ፍራሹም ጠንካራ የሚሆነው ሁለቱ ስለሚገፋፉ ነው። ካርቲሌጅ ሲጫን ውሃው ቀስ እያለ ከጄሉ ይወጣል፤ ጫናው ሲነሳ ቻርጁ ውሃውን መልሶ ይስበዋል። ደም ሥር ለሌለው ሴል ምግብ የሚደርሰውም በዚሁ ማትሪክስ ውስጥ በሚያልፈው ፈሳሽ ነው።

አሁን ሦስቱን ዓይነቶች በአንድ ጥያቄ መለየት ትችያለሽ፦ ጄሉ ውስጥ የገባው ክር የትኛው ነው? ሃያላይን ውስጥ ያለው ቀጭኑ ዓይነት 2 ኮላጅን ነው። ኢላስቲክ ውስጥ ይኸው ዓይነት 2 ኮላጅን እንዳለ ሆኖ የኢላስቲን ክሮች መረብ ተጨምሮበታል። ፋይብሮ ካርቲሌጅ ውስጥ ሚዛኑ ተገልብጧል፤ ወፍራም የዓይነት 1 ኮላጅን ጥቅሎች ቦታውን ይዘዋል፣ ዓይነት 2ም ጥቂት አለ፣ ጄሉ ግን በየመካከሉ ተረፍ ተረፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ዓይነት 1 በጅማትና በአጥንት ውስጥ ያለው፣ መጎተትን የሚቋቋመው ኮላጅን ነው።

የጄሉን ድርሻ ጥርት አድርጎ ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሉዊስ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፓፓይን የተባለ ኢንዛይም በጥንቸሎች ደም ሥር ውስጥ ወጋ። ፓፓይን ከጥሬ ፓፓያ ወተት የሚወጣ፣ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። (ፓፓያ መብላት ይህን አያደርግም፤ የተሰጠው በደም ሥር ነው።) ቀጥ ብለው የቆሙት የጥንቸሎቹ ጆሮዎች በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ተልፈስፍሰው ወደቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ተመልሰው ቆሙ። የጥንቸል ጆሮ ኢላስቲክ ካርቲሌጅ ነው፤ ጆሮው ሲወድቅ የኢላስቲን ክሮቹ አልጠፉም ነበር። የጠፋው ኢንዛይሙ የቆራረጠው ፕሮቲዮግላይካን፣ ማለትም የጄሉ አግሪካን ነው፤ ሴሎቹ አዲስ ሲያመርቱ ጆሮው ተነሳ። ስለዚህ «ኢላስቲክ ካርቲሌጅን የሚያቆመው ኢላስቲን ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ግማሽ ነው። የሚያቆመው ጄሉ ነው፤ ኢላስቲኑ የሚያደርገው ሲታጠፍ ሳይሰበር ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ከዚህ ሙከራ ሌላ አንድ ነገር ያዢ፦ ጆሮው በወደቀ ጊዜ የማትሪክሱ ሰማያዊ የመቅለም ጠባይም አብሮ ጠፍቷል። ስላይድ ላይ ስንደርስ ይጠቅምሻል።

ስላይዱን ከማየትሽ በፊት ግን ሦስቱንም በእጅሽ ያዢያቸው። ሀዋሳ ውስጥ ከየትኛውም ሉካንዳ የሚገኝ ነገር ይበቃል፦ አንድ የበግ ጆሮና አንድ የኋላ እግር መገጣጠሚያ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሥጋ ሻጩን «ጉልበት» ብለሽ ከጠየቅሽው የፊት እግሩን ሊሰጥሽ ይችላል። የበግና የበሬ የፊት ጉልበት የምንለው በአካል አሠራሩ የእኛ የእጅ አንጓ ስለሆነ ውስጡ ሜኒስከስ የሚባለው ፋይብሮ ካርቲሌጅ የለም። የምትፈልጊው የኋላውን እግር፣ የጭን አጥንትና የቅልጥሙ አጥንት የሚገናኙበትን፣ ከፊቱ ሎሚ ያለውን መገጣጠሚያ ነው። ከላይም ከታችም አንድ ስንዝር ያህል አጥንት ይተውልሽ፤ መገጣጠሚያው ራሱ በመጥረቢያ እንዳይመታ ንገሪው። ጓንት አድርጊ፣ ጥሬ ሥጋ ነውና የሠራሽበትን ቦታ በሳሙና እጠቢ።

የመገጣጠሚያውን ሽፋን ከፊት በኩል ቆርጠሽ ክፈቺው። የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ለስላሳ ሽፋን ታያለሽ። ሃያላይን ነው። በእርጥብ ጣት ስትነኪው ያንሸራትታል። በአዲስ ምላጭ በጣም ስስ አድርገሽ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ውፍረት፣ ከላዩ ግፈፊና በታተመ ወረቀት ላይ አስቀምጪው፤ ፊደሎቹ ከሥሩ ይታያሉ። ቀጫጭኖቹ ዓይነት 2 ክሮች ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ከጄሉ ጋር ስለሚቀራረብ ጠቅላላው አንድ ወጥ መስታወት ይመስላል። ማይክሮስኮፕም ላይ ክሮቹ የማይታዩሽ በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሉም ማለት አይደለም።

ከዚሁ ሽፋን ሥር፣ በቅልጥሙ አጥንት ራስ ላይ፣ ሁለት የጨረቃ ቅርፅ ያላቸው ነገሮች ተቀምጠዋል። ሜኒስከሶቹ ናቸው። ውጫዊ ጠርዛቸው ወፍራም፣ ውስጣዊው ስስ ነው። ቀለማቸው ፈዛዛ ነጭ ነው፤ አያብረቀርቁም፣ በስሱ ቢገፈፉም ፊደል አያሳዩም። አንዱን አውጪና በጠርዙ አቅጣጫ፣ የጨረቃዋን ክብ ተከትለሽ በምላጭ ጫፍ ጫር አድርገሽ ሳቢው፤ ይሰነጠቃል። አሁን ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ክቡን አቋርጠሽ ልትቀጂው ሞክሪ፤ እምቢ ይላል። ዓይነት 1 ጥቅሎቹ በብዛት የተዘረጉት ክቡን ተከትለው ስለሆነ ነው።

የጥያቄሽ ሁለተኛ ክፍል መልስም እዚሁ ነው። የጭኑ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፣ የቅልጥሙ ራስ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል፤ ሜኒስከሱ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እንደ ሽብልቅ ይሞላል። ሰውየው ሲቆም የጭኑ አጥንት ሽብልቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለቱ የሜኒስከሱ ጫፎች ከአጥንት ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ግን ሜኒስከሱ ሊሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ በክቡ ዙሪያ ይወጠራል። ከላይ የመጣው ጫና ሜኒስከሱ ውስጥ ሲደርስ መጎተት ሆነ ማለት ነው፤ መጎተትን የሚችለው ደግሞ ዓይነት 1 ነው። የአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው ሽፋን ሥራው ሌላ ነው፤ ቀጥታ ጫናውን መቀበልና ማንሸራተት። ለዚያ በውሃ የተሞላ ጄልና ስስ ክር ይሻላል። ሁለቱ ጎን ለጎን የሆኑት አንዱ ጫና ሌላው ጉተታ ስለሚሸከም ነው። ሜኒስከሱ ራሱ ውስጥ እንኳ ይህ ይታያል፤ ጫናው ወደሚበዛበት ወደ ውስጠኛው ስስ ጠርዝ ሲኬድ ዓይነት 2 ኮላጅንና ጄሉ እየጨመረ ይሄዳል።

ጆሮው ቀላል ነው። መካከለኛውን ክፍል ቆርጠሽ ከሁለቱም ወገን ቆዳውን በምላጭ ግፈፊ። በመካከል ቢጫ ቢጫ የሚል ስስ ቅጠል ይቀርሻል፤ ቢጫነቱ ከኢላስቲኑ ነው። ጫፎቹን አገናኝተሽ እጠፊውና ልቀቂው፤ ሳይሰበር ይዘረጋል። ከአጥንቱ ጫፍ የገፈፍሽውን ሃያላይን በዚያው መጠን ብታጥፊው ይሰነጠቃል።

በጉን ገና ወጣት ሳለ ያረዱት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አጥንቱን በመጋዝ በቁመቱ አሰንጥቂው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ አጥንቱን አቋርጦ የሚያልፍ ስስ ፈዛዛ መስመር ታያለሽ፤ አጥንት በቁመት የሚያድግበት የዕድገት ሰሌዳ ነው፣ እሱም ሃያላይን ነው። ያረጀ በሬ ላይ አትፈልጊው፣ ተዘግቶ አልቋል።

ሚዛን ካለሽ ውሃውንም መለካት ይቻላል። ከአጥንቱ ጫፍ 10 ግራም የሚሆን ሽፋን ሰብስቢና ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ፀሐይ ላይ አድርቂው። የሚቀርሽ ከ2 እስከ 3.5 ግራም ገደማ ነው፤ ቢጫና ግትር ይሆናል። ከዚህ ብዙ ከበለጠ ወይ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ ስትገፍፊ ከሥሩ ያለውን አጥንት አብረሽ አንስተሻል። ውሃ ውስጥ ስትመልሺው እንደገና ያብጣል፤ ሴሎቹ ቢሞቱም ቻርጁ ከማትሪክሱ አልወጣምና።

አሁን ወደ ስላይዱ። መማሪያ ሳጥን ውስጥ በብዛት የሚገኙት የአየር ቧንቧ ለሃያላይን፣ ኤፒግሎቲስ ወይም ጆሮ ለኢላስቲክ፣ የአከርካሪ ዲስክ ወይም የፊት ዳሌ መገጣጠሚያ ለፋይብሮ ናቸው። የተለመደው ማቅለሚያ ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ነው። ሰልፌት የበዛበት ማትሪክስ ሄማቶክሲሊኑን ስለሚስብ ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ኮላጅን ዓይነት 1 ግን ኢዮሲን ወስዶ ሮዝ ይሆናል። የጥንቸሎቹ ማትሪክስ ሰማያዊነቱን ያጣው ሰልፌቱን ስላጣ ነው።

ከሁሉ በፊት በዝቅተኛው ሌንስ ጠርዙን ፈልጊ። ካርቲሌጁን የሸፈነ፣ ክሮችና ጠፍጣፋ ሴሎች ያሉበት ሮዝ ሽፋን ካለ ፔሪኮንድሪየም ነው። ካለ ፋይብሮ ካርቲሌጅ አይደለም፤ ፋይብሮ ፔሪኮንድሪየም የለውም። ከሌለ ግን «ፋይብሮ ነው» ለማለት አትቸኩዪ፤ በመገጣጠሚያ ጫፍ ላይ ያለው ሃያላይንና የዕድገት ሰሌዳውም የላቸውም። ፈተና ላይ በብዛት ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው።

ቀጥሎ ሴሎቹን ተመልከቺ። ሃያላይን ውስጥ ኮንድሮሳይቶቹ ሁለት፣ አራት እየሆኑ በቡድን ይቀመጣሉ፤ አንድ እናት ሴል ተከፋፍላ፣ ማትሪክሱ ስላላራራቃቸው አብረው የቀሩ ናቸው። በየቡድኑ ዙሪያ ማትሪክሱ ይበልጥ ጠቆር ይላል፣ ምክንያቱም አዲስ የተመረተው ሰልፌት እዚያ ይበዛል። በቡድኖቹ መካከል ፈዛዛና ሰፊ ነው። ሴሉ በጉድጓዱ ውስጥ ተጨማድዶ ዙሪያው ባዶ ሲሆን ካየሽ ያ ባዶ ቦታ በሕይወት ሳለ አልነበረም፤ ቲሹው ሲዘጋጅ ሴሉ ስለሚኮማተር የመጣ ነው። በሕያው ካርቲሌጅ ሴሉ ጉድጓዱን ሞልቶት ነው የሚኖረው።

ኢላስቲኩ ከሃያላይኑ ጋር የተምታታብሽ የአንቺ ጥፋት አይደለም። በዚህ ማቅለሚያ ኢላስቲን ጎልቶ አይወጣም፤ ቢበዛ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ጭረት ነው። ስለዚህ በሴሉ ጠባይ ነው የምትለዪው፦ ኢላስቲክ ውስጥ ሴሎቹ ተለቅ ያሉና ይበልጥ የተጠጋጉ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ማትሪክስ ጠባብ ነው፣ በቡድን ሳይሆን አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ይገኛሉ፤ ማትሪክሱም የመስታወት ጥራት የለውም። እርግጠኛ ለመሆን ኢላስቲንን የሚያቀልም ልዩ ማቅለሚያ ያስፈልጋል። በቨርሆፍ ክሮቹ ጥቁር፣ በኦርሴይን ደግሞ ቀይ ቡናማ ይሆናሉ፤ በሴሎቹ ዙሪያም ጥቅጥቅ ያለ መረብ ሆነው ይታያሉ። የአስተማሪሽ የኢላስቲክ ስላይድ ጥቁር ክሮች ያሉበት ከሆነ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግሽም።

ፋይብሮውን ከጅማት የሚለየው የኒውክሊየሱ ቅርፅ ነው። ሁለቱም ጋ ሮዝ የኮላጅን ጥቅሎች ትይዩ ይሄዳሉ። ጅማት ውስጥ ያሉት ሴሎች በጥቅሎቹ መካከል ተጨፍልቀው እንደ ጭረት ቀጥነዋል፣ ዙሪያቸውም ባዶ ቦታ ወይም ሰማያዊ ነገር የለም። ፋይብሮ ካርቲሌጅ ውስጥ ግን በጥቅሎቹ መካከል ክብ ሴሎች በጉድጓዳቸው ሆነው በመስመር ተሰልፈው ታገኛለሽ፤ ብዙ ጊዜም በእያንዳንዱ ዙሪያ ስስ ሰማያዊ ቀለበት ይኖራል፣ ከጄሉ የተረፈው ያ ነው። መካከላቸው ላይ ቀጫጭን የፋይብሮብላስት ኒውክሊየሶችም መኖራቸው አያሳስትሽ፤ አብረው ይኖራሉ። አንድ ክብ ሴል በጉድጓዱ ካገኘሽ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ሰልፉን ፈልጊ።

ላቦራቶሪያችሁ ቶሉይዲን ብሉ ካለው ከሉካንዳ ባመጣሽው ላይም መሞከር ትችያለሽ። ከሦስቱ በምላጭ የገፈፍሻቸውን ስስ ቁራጮች 0.1 በመቶ በሆነው ቀለም ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ አቆዪና በውሃ አለቅልቂ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ሰልፌት በተጠጋጋበት ቦታ ግን ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል። ሃያላይኑ ሙሉ በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሜኒስከሱ በውጫዊ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ይቀርና ወደ ውስጥ ጠርዙ ሲቃረብ ይቀየራል። ቁራጩ ከወፈረ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ያኔ ቀለሙን ሳይሆን ምላጩን ቀይሪ።

ቦታዎቹን አሁን ማስታወስ አያስቸግርም። አየር የሚያልፍበት ሳይደፈን ክፍት መሆን ያለበት ቦታ፣ ወይም የሚንሸራተት ጫፍ ከሆነ ሃያላይን ነው፦ የአፍንጫ ካርቲሌጆች፣ ከማንቁርት ታይሮይድና ክሪኮይድ፣ በሰው ከ16 እስከ 20 የሚሆኑት የአየር ቧንቧ ቀለበቶች፣ ብሮንካስ፣ የጎድን አጥንት ጫፎች (ፍርምባ ላይ የምናኝከው እሱ ነው)፣ የአብዛኞቹ መገጣጠሚያዎች ጫፍ፣ የጽንስ አጽም አብዛኛው ክፍል። ደጋግሞ ታጥፎ መመለስ ያለበት ከሆነ ኢላስቲክ፦ የጆሮ ቅጠል፣ የጆሮ መግቢያው ውጫዊ ክፍል፣ ዩስቴሺያን ቱቦ፣ ኤፒግሎቲስ፣ ማንቁርት ውስጥም ኮርኒኩሌትና ኪዩኒፎርም። ማንቁርት ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው መገኘታቸውን ልብ በይ፤ ኤፒግሎቲስ በእያንዳንዱ ጉርሻ ይታጠፋል፣ ክሪኮይድ ግን ጭራሽ መታጠፍ የለበትም። ጫናና ጉተታ በአንድ ላይ ባለበት ፋይብሮ፦ የአከርካሪ ዲስክ ውጫዊ ቀለበት፣ የፊት ዳሌ መገጣጠሚያ፣ ሜኒስከስ፣ በትከሻና በዳሌ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ከንፈር፣ ጅማት አጥንት ላይ የሚሰካበት ቦታ። ሕግ የሚያፈርሱ ሁለት መገጣጠሚያዎች አሉ፤ የመንጋጋውና የደረት አጥንት ከክላቪክል አጥንት ጋር የሚገናኝበት። ብዙ ተማሪ እንደ ሌላው ሁሉ ሃያላይን ይላቸዋል፤ የሁለቱም ሽፋን ግን ፋይብሮ ነው።

ዕድሜም ልዩነቱን ያጎላዋል። ሃያላይን ሲያረጅ ካልሲየም ይቀመጥበታል፤ የአረጋዊ ሰው ኤክስሬይ ላይ የጎድን ጫፎችና ታይሮይድ ካርቲሌጅ ነጣ ብለው የሚታዩት ለዚህ ነው። ኢላስቲክ እንዲህ አያደርግም። የአንገት ኤክስሬይ ስታዪ በአንድ አረጋዊ ማንቁርት ላይ ነጭ ነገር ካየሽና ታይሮይድ ወይም ክሪኮይድ ባለበት ቦታ ከሆነ፣ የተዋጠ አጥንት ነው ብለሽ ከመጠርጠርሽ በፊት ይህን አስቢ።

የደም ሥር አለመኖር ዋጋ የሚያስከፍለው ጉዳት ሲደርስ ነው። ጆሮ ላይ ጠንካራ ምት ሲያርፍ ደም በፔሪኮንድሪየሙና በካርቲሌጁ መካከል ይጠራቀማል። የጆሮ ካርቲሌጅ ምግቡን የሚያገኘው ከፔሪኮንድሪየሙ ነው፤ ደሙ ሁለቱን ሲለያያቸው ካርቲሌጁ ይራባል። ጆሮው ላይ ለስላሳ፣ ሲጫኑት የሚላወስ እብጠት የመጣበት ሰው በቀናት ውስጥ ሐኪም ሊያወጣለትና ጆሮውን በጫና ሊያሽግለት ይገባል፤ ከቆየ ፔሪኮንድሪየሙ እብጠቱ ውስጥ አዲስ ካርቲሌጅ እየሠራ ጆሮው ለዘለቄታው ይጨማደዳል። የላይኛውን ጆሮ መበሳትም አደጋው ከዚሁ ይመነጫል። የጆሮ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የታችኛው ሥጋ ካርቲሌጅ ስለሌለው በቀላሉ ይድናል፤ ላይኛው ከተመረዘ ግን ኢንፌክሽኑ ደም ሥር የሌለው ቦታ ላይ ስለሚሰፍር መድኃኒቱም ሆነ የሰውነት መከላከያው በቀላሉ አይደርስበትም።

ሜኒስከስ ላይ ውጫዊው አንድ ሦስተኛ ገደማ ከመገጣጠሚያው ሽፋን ደም ያገኛል፤ የውስጠኛው ክፍል አያገኝም። ስለዚህ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው ሁለት ስንጥቆች ዕጣቸው ይለያያል፤ ውጫዊው ጠርዝ አጠገብ ያለው ሊሰፋና ሊድን ይችላል፣ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያለው ግን የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የተቀደደው ክፍል ብቻ ይነሳል። ሙሉውን ማውጣት የሚሸሸው ደግሞ ከላይ ያየነው ሽብልቅ ሲጠፋ ጫናው በትንሽ ቦታ ላይ ተሰብስቦ በሃያላይኑ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ሃያላይኑ ራሱ ሲጎዳ ሁለት ነገር ይሆናል። ጉዳቱ ካርቲሌጁ ውስጥ ብቻ ከቀረ አይድንም፤ ደም የለ፣ ፔሪኮንድሪየም የለ፣ የሚመጣ አዲስ ሴል የለ። ጥልቅ ሆኖ ከሥር ያለውን አጥንት ከደረሰ ግን የመቅኔ ደም ይወጣና ጉድጓዱ ይሞላል። ማይክሮፍራክቸር የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይህንኑ ሆን ብሎ ያደርጋል፤ የአጥንቱን ገጽ በትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳል። የሚያድገው አዲስ ሽፋን ግን በአመዛኙ ዓይነት 1 የበዛበት ፋይብሮ ካርቲሌጅ ነው። ጄሉ ስለሚያንስ ውሃ የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው፣ እየዋለ እያደረም ይላላል። ከእንዲህ ያለ ጉልበት የተወሰደ ስላይድ ከቀረበልሽ አንድ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ሃያላይን፣ ከጎኑ በመስመር የተሰለፉ ሴሎች ያሉበት ሮዝ ቲሹ ታያለሽ፤ ጠጋኙ ቲሹ የጀመረው ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ የተለወጠበት መስመር ላይ ነው።